ፊደልና ድምፅ ሲለያዩ

እንግሊዝኛ ማንበብ የጀመረ አንድ ልጅ ፊት አራት ቃላት እናስቀምጥ። አራቱም የሚያልቁት በተመሳሳይ አራት ፊደላት ነው፦ ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች። የሚለያዩት በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው። በቲ የሚጀምረው “ተፍ” ተብሎ ይነበባል፤ ጠንካራ ማለት ነው። በሲ የሚጀምረው “ኮፍ” ነው፤ ሳል። በዲ የሚጀምረው “ዶው”፤ ሊጥ። በቢ የሚጀምረው ደግሞ “ባው”፤ የዛፍ ቅርንጫፍ። ልጁ የመጀመሪያውን ቃል በትክክል ካነበበ በኋላ ያንኑ ዕውቀት ይዞ ወደ ሁለተኛው ቢሄድ ይሳሳታል። ከሁለተኛው የተማረውን ይዞ ወደ ሦስተኛው ቢሄድም እንደዚያው። ፊደላቱን በሙሉ ያውቃል፤ አስተሳሰቡም ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ስህተት ይሆናል።

አሁን አንድ የፊንላንድ ልጅ እንመልከት። በፊንላንድኛ “ቱሊ” ማለት እሳት ነው። አናባቢው ረዘም ብሎ ሲጠራ ነፋስ ማለት ይሆናል፤ በጽሑፍም ዩ የምትባለዋ ፊደል ሁለት ጊዜ ትጻፋለች። “ሊ” ጠብቆ ሲጠራ ደግሞ ጉምሩክ ማለት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ኤል ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ድምፁ ሲረዝም ፊደሉ ይደገማል፣ ሲያጥር አይደገምም። ልጁ ሃያ ጥቂት የሚሆኑ የፊደልና የድምፅ ጥንዶችን ካወቀና ማጋጠም ከለመደ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን ቃል፣ ትርጉሙን ባያውቀው እንኳ፣ ድምፁን አሳምሮ ሊጠራው ይችላል። የፊንላንድኛ ቃላት እጅግ ረጃጅም ናቸው፤ ይሁንና ርዝመቱ የአሠራሩን ታማኝነት አይለውጠውም።

ይህ ልዩነት በልጆች ላይ ምን እንደሚያስከትል በሰፊው የተለካው በስኮትላንድ የደንዲ ዩኒቨርሲቲው ፊሊፕ ሲሞርና ባልደረቦቹ በ2003 ባሳተሙት ጥናት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተመራማሪዎቹ በ13 የአውሮፓ ቋንቋዎች ማንበብ የሚማሩ ልጆችን በአንደኛ ክፍል ማብቂያ አካባቢ ፈተኑ። ፈተናው ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ልጆች በየመማሪያ መጽሐፋቸው የሚያገኟቸው የተለመዱ ቃላት ናቸው። ሁለተኛው ትርጉም የሌላቸው የፈጠራ ቃላት ናቸው፤ በአማርኛ “ሚፎዳ” ብለን እንደምንጽፈው ማለት ነው። የፈጠራ ቃል የሚጠቅመው ልጁ ሸምድዶ ሊመልሰው ስለማይችል ነው። ካነበበው ፊደልን ወደ ድምፅ መለወጥ ችሏል ማለት ነው፤ ካቃተው ደግሞ ቀድሞ የሚያነባቸውን ቃላት በመልካቸው ብቻ ያውቃቸው እንደነበር ይጠረጠራል።

የፊንላንድ፣ የግሪክና የጀርመን ልጆች ከተለመዱት ቃላት መቶኛ 98ቱን አነበቡ። የጣሊያንና የስፔን ልጆች 95። ፈረንሳይኛ 79፣ ፖርቱጋልኛ 73፣ ዴንማርክኛ 71 ላይ ቆሙ። በስኮትላንድ እንግሊዝኛ የሚማሩት ልጆች ያነበቡት 34 ብቻ ነበር። በፈጠራ ቃላቱ ደግሞ ፊንላንድ 95፣ እንግሊዝኛ 29። እንግሊዝኛ አንባቢዎቹ ሁለተኛ ዓመታቸውን ጨርሰው እንኳ ከተለመዱት ቃላት 76 በመቶ ነበር የደረሱት፤ ሌሎቹ በአንድ ዓመት የሚያገኙትን ለማግኘት ከሁለት ዓመት በላይ ያስፈልጋቸዋል።

በዚህ ውጤት ላይ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። የስኮትላንድ ልጆች ትምህርት የሚጀምሩት በአምስት ዓመታቸው ሲሆን የፊንላንዶቹ ግን በሰባት ነው። የሁለት ዓመት ዕድሜ ልዩነት ቀላል አይደለም። የትምህርት ቤቱ፣ የመምህሩ፣ የቤተሰቡ ሁኔታም በየአገሩ ይለያያል። ታዲያ ልዩነቱ ከአጻጻፉ መምጣቱን እንዴት እናረጋግጣለን?

መልሱ የተገኘው ከዌልስ ነው። በሰሜን ዌልስ በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ልጆች ከፊሎቹ ዌልሽኛ በሚያስተምር ትምህርት ቤት፣ ከፊሎቹ እንግሊዝኛ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ይገባሉ። ዕድሜያቸው እኩል ነው፣ የሚኖሩት በአንድ አካባቢ ነው፣ የማስተማሪያው ዘዴም ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም ቋንቋዎች የሚጻፉትም በላቲን ፊደል ነው። የዌልሽኛ አጻጻፍ ለእንግሊዝኛ አንባቢ እንግዳ ይመስላል፤ ደብልዩ የምትባለዋን ፊደል አናባቢ አድርጎ ይጠቀምባታል፤ ነገር ግን ሕጉን አንዴ ለያዘ ሰው አይዋሽም። ተመራማሪዎቹ ሊኖስ ስፔንሰርና ሪቻርድ ሀንሊ እነዚህን ልጆች ሲከታተሉ ዌልሽኛ የሚያነቡት ገና ከጅምሩ በግልጽ ቀደሙ፤ በፈጠራ ቃላት ላይ በተለይ። ስለዚህ የዕድሜም የአገርም ምክንያት ቢነሣ ልዩነቱ አይጠፋም።

ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባው ግን ልጆቹ ወደ አሥር ዓመት ሲጠጉ የታየው ነው። አብዛኞቹ እንግሊዝኛ አንባቢዎች ደርሰውባቸዋል። ያልደረሱት ከታች ያሉት ናቸው። ከእንግሊዝኛ አንባቢዎቹ በጣም የተቸገረው ሩብ፣ ከዌልሽኛ አንባቢዎቹ በጣም ከተቸገረው ሩብ ጋር ሲነጻጸር አሁንም እጅግ ወደኋላ ቀርቶ ነበር። የተዘበራረቀ አጻጻፍ ጎበዙን ልጅ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ደካማውን ግን ሜዳ ላይ ይጥለዋል። ስለ አጻጻፍ በምናወራበት ጊዜ በአእምሯችን መያዝ ያለብን እነዚህን ልጆች ነው።

እንግሊዝኛ እዚህ እንዴት ደረሰ? ወደ አራቱ ቃላት እንመለስ። ጂና ኤች ተጣምረው ሲጻፉ በጥንቱ እንግሊዝኛ የሚሰማ እውነተኛ ድምፅ ነበራቸው፤ ከጉሮሮ የሚወጣ፣ ወደ እኛ “ኽ” የሚቀርብ ድምፅ። ጀርመኖች ሌሊትን ዛሬም “ናኽት” ይሉታል፤ እንግሊዞች “ናይት” ይላሉ፣ በጽሑፉ ውስጥ ግን ጂና ኤች አሁንም ተቀምጠዋል። ያ ድምፅ ከእንግሊዝኛ ሲጠፋ በሁሉም ቃል በአንድ መንገድ አልጠፋም። በ“ዶው” እና በ“ባው” ጭልጥ ብሎ ጠፋ፤ በ“ተፍ” እና በ“ኮፍ” ወደ “ፍ” ተለወጠ። ከዚያም አናባቢዎቹ በየፊናቸው ሄዱ። ዊልያም ካክስተን በ1476 በዌስትሚንስተር የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ማተሚያ ቤት ሲከፍት ሰዉ የረጃጅም አናባቢዎችን አጠራር በመለወጥ ላይ ነበር፤ ለውጡ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀጠለ። ማተሚያው ግን የአጻጻፉን መልክ እያጸና ሄደ። አፍ ተራመደ፣ ወረቀቱ ቆመ።

በዚያ ላይ ሊቃውንት የጨመሩት አለ። ዕዳ የሚለውን ቃል እንግሊዞች “ዴት” ይሉታል፤ ከፈረንሳይኛ ሲወስዱትም ቢ አልነበረበትም። የላቲን አባቱን ለማስታወስ ሲሉ ጸሐፊዎች ቢ ጨመሩበት፤ ማንም ጠርቶት አያውቅም፣ ሁሉም ግን ይጽፈዋል። በአንጻሩ የፊንላንድኛ አጻጻፍ ወጣት ነው። ሚካኤል አግሪኮላ የመጀመሪያውን የፊንላንድኛ ፊደል መማሪያ በ1543 አካባቢ ቢያሳትምም፣ ዛሬ የምናየው ሥርዓት የጸናው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ከአፍ ለመራቅ ገና ጊዜ አላገኘም። ቱርክኛም ከአረብኛ ፊደል ወደ ላቲን የተዛወረው በ1928 ነበር። የአጻጻፍ ቅንነት በአብዛኛው የዕድሜ ጉዳይ ነው፦ መጨረሻ የተስተካከለበት ጊዜ ሲርቅ ከንግግሩ ይርቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ፊደልና ድምፅ ሲለያዩ መለያየቱ አቅጣጫ አለው። አንድ ፊደል ብዙ ድምፅ ካለው የሚቸገረው አንባቢው ነው፤ ፊቱ ያለውን ምልክት አይቶ የትኛውን ድምፅ እንደሚመርጥ አያውቅምና። አንድ ድምፅ ብዙ ፊደል ካለው ግን የሚቸገረው ጸሐፊው ነው፤ አንባቢው ምንም አይጎድልበትም። ፈረንሳይኛ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። “ኦ” የሚለውን አንድ ድምፅ በብዙ መንገድ ይጽፈዋል፤ ለምሳሌ በአንዲት ፊደል፣ በሁለት፣ በሦስት። ስለዚህ ፈረንሳዊ ተማሪ የቃል ጽሕፈት ሲፈተን ይሰቃያል፤ ሲያነብ ግን እነዚያን ፊደላት ባየ ቁጥር “ኦ” ይላል፣ ይቀጥላል። እንግሊዝኛ ክፉ የሆነው በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚያስቸግር ነው።

ይህን ከያዝን ስለ ራሳችን ፊደል ያለን ክርክር ሌላ መልክ ይይዛል።

ስለ አማርኛ አጻጻፍ ችግር ሲነሣ ሁልጊዜ ቀድመው የሚጠሩት ሞክሼ ፊደላት ናቸው፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። ታሪካቸው ከእንግሊዝኛው ጂና ኤች ጋር አንድ ነው። በግዕዝ ዘመን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ አማርኛ ድምፆቹን አዋሐዳቸው፣ ፊደላቱን ግን አልጣለም። ትግርኛ ሐንና ዐን ዛሬም ከሀና ከአ ለይቶ ይጠራቸዋል። ውጤቱን በ“ፀሐይ” እንየው። የመጀመሪያው ፊደል ሁለት ምርጫ አለው፦ ጸ ወይም ፀ። ሁለተኛው ስድስት አለው፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ስለዚህ ይህን ባለ ሦስት ፊደል ቃል በ12 መንገድ መጻፍ ይቻላል። ነገር ግን አሥራ ሁለቱንም ለአንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ብናቀርብለት አሥራ ሁለቱንም አንድ ዓይነት አድርጎ ያነባቸዋል። ችግሩ በሙሉ የጸሐፊው ነው፤ ዛሬ ደግሞ በኮምፒውተር ቃል ፈልጎ የማግኘት ችግር ሆኗል። ሞክሼዎቹን የመቀነስ ሐሳብ ለጽሑፍና ለፍለጋ ይጠቅም ይሆናል። ለጀማሪ አንባቢ የሚያተርፈው ግን አምስት ረድፍ፣ ማለትም ከ231ዱ የገበታ ፊደላት 35ቱን ብቻ ነው። ንባብን ያቀላል ተብሎ የሚቀርበው ምክንያት ያን ያህል አያሳምነኝም።

አማርኛ አንባቢውን የሚያስቸግረው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ እሱም እምብዛም አይነሣም። ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን ፊደላችን አይለይም። “ይሰማል” ብዬ ብጽፍ ሰውየው ራሱ የሚሰማ መሆኑን ወይም ድምፁ የሚሰማ መሆኑን ቃሉ ብቻውን አይናገርም፤ “ሰ” እና “ማ” ላልተው ከተነበቡ አንዱ፣ ጠብቀው ከተነበቡ ሌላው ነው። “ዋና” ወንዝ ውስጥ የሚዋኘው ነው ወይስ ከሁሉ በላይ የሆነው? “ገና” በዓሉ ነው ወይስ ያልደረሰ ነገር? “አለ” ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? ፊንላንዶች በደጋገሙት ፊደል የሚያመለክቱትን እኛ ለአንባቢው ግምት ትተነዋል። ከጥቂት ጥንድ ፊደላት በስተቀር የኦሮምኛው ቁቤም ጥብቀትን ፊደል ደግሞ ይጽፋል። በአማርኛ አንዳንድ መዝገበ ቃላት ከሚጠብቀው ፊደል በላይ ነጥብ ያደርጋሉ፤ በልጆች መጽሐፍ ላይ ግን ይህን ማየት ብርቅ ነው።

ሁለተኛው ሳድስ ነው። “ብርድ” ሦስት ሳድስ ፊደላት አሉት፤ “ብ” አጭር አናባቢ ይዞ ይነበባል፣ “ር” እና “ድ” ግን ያለ አናባቢ ይያያዛሉ። ፊደሉ አንድ፣ አነባበቡ ሁለት። ጀማሪ ልጅ “ብ — ር — ድ” ብሎ ሦስቱንም እየነጠለ ሲጠራ የሰማ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ልጁ ቃሉን በንግግር የሚያውቀው ከሆነ ወዲያው ያስተካክለዋል። ሳይሰማው ካደገ ግን፣ ለምሳሌ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ተወልዶ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል የሚቆጥር ልጅ ከሆነ፣ ገበታውን በሙሉ አውቆም ዓረፍተ ነገሩ ላይ ይቆማል። ወላጆቹ ፊደሉን የረሳ ይመስላቸዋል። የጎደለው ፊደል አይደለም፤ ፊደሉ ያልነገረውን የሚሞላበት የንግግር አማርኛ ነው።

እነዚህን ሁለቱን ካነሣን በኋላ ግን የፊደላችንን ታማኝነት መመስከር ይገባል። ሙሉ ገበታውን ለመያዝ ጊዜ ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ግን “ሎ” ምንጊዜም “ሎ” ነው፣ “ቢ” ምንጊዜም “ቢ”። በአንባቢው በኩል አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለፊንላንድኛና ለጣሊያንኛ እጅግ ይቀርባል።

ታማኝ አጻጻፍ ብቻውን አንባቢ አያፈራም። በ2010 በኢትዮጵያ በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደ የጀማሪ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከተመዘኑት ውስጥ እንደ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሲዳምኛ ያሉ አጻጻፋቸው ቅን የሆኑ ቋንቋዎችም ይገኙበታል። መጽሐፍ ከሌለ፣ መምህሩ ፊደልንና ድምፅን ማገናኘት ካላስተማረ፣ የአጻጻፉ ቅንነት የሚሰጠው ዕድል ሳይነካ ይቀራል።

አጻጻፉ ቅን በሆነበት ቋንቋ ደግሞ የተቸገረን ልጅ መለየት ይከብዳል። በ2001 ኤራልዶ ፓውሌሱና ባልደረቦቹ “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት ዲስሌክሲያ ያለባቸውን የጣሊያን፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አነጻጸሩ። ጣሊያኖቹ ከሌሎቹ በተሻለ ያነቡ ነበር። ሲያነቡ አንጎላቸው ሲመረመር ግን በሦስቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ በግራው የአንጎል ክፍል በአንድ ሥፍራ የሚታየው እንቅስቃሴ ከሌሎች አንባቢዎች ያነሰ ነበር። ችግሩ አንድ ነው፤ አጻጻፉ ይደብቀዋል ወይም ያጋልጠዋል። እንግሊዝኛ ላይ ልጁ በብዛት ይሳሳታል፣ ስለዚህ ሁሉም ያየዋል። ቅን አጻጻፍ ባለው ቋንቋ ግን ልጁ በትክክል ያነባል፤ በጣም ቀስ እያለ፣ ፊደል በፊደል፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን እየረሳ። ስህተት የሚቆጥር መምህር “ያነባል” ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ ለአማርኛ አንባቢ ልጅ የሚሻለው መለኪያ ፍጥነት ነው። ገበታውን ከያዘ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚያውቀውን ቃል አሁንም በየፊደሉ እየነጠለ የሚጠራ ከሆነ፣ አንድም ስህተት ባይሠራ፣ እገዛ ያስፈልገዋል። “ሰነፍ ነህ፣ ቶሎ በል” ማለት አይረዳውም። አጭር ጽሑፍ ደጋግሞ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ እርስዎም አብረውት እያነበቡ ጥብቀቱንና ሳድሱን በድምፅዎ ማሳየት ይረዳዋል።

እንግሊዝኛ ላይ ሲመጣ ዘዴው ይለያል። ነጠላ ፊደል አታላይ ቢሆንም የቃሉ መጨረሻ ክፍል ሲታይ ብዙ ጊዜ ታማኝ ይሆናል። ኤ የምትባለዋ ፊደል ብቻዋን ስትታይ ብዙ ድምፅ አላት፤ ሁለት ኤል ሲከተላት ግን “ቦል”፣ “ኮል”፣ “ፎል”፣ “ቶል” እያለች በአንድ መንገድ ትሄዳለች። ያ አስቸጋሪው ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች እንኳ ቲ ሲጨመርበት ይሰክናል፤ “ቦት” (ገዛ)፣ “ፎት” (ተዋጋ)፣ “ብሮት” (አመጣ) ሁሉም አንድ ቤት ይመታሉ። ከተለመዱት ቃላት የሚያፈነግጠው ድርቅ የሚል ትርጉም ያለው “ድራውት” ነው። ስለዚህ ቃላቱን በቤተሰብ በቤተሰብ ያስተምሯቸው፤ ያፈነገጡትን ደግሞ “ይህ ለብቻው ነው” ብለው ለይተው ይንገሯቸው። ልጅዎ “ኮፍ” የሚለውን ቃል “ኮው” ብሎ ሲያነብ ከሰሙ አይቆጡት። ከ“ዶው” የተማረውን በትክክል ሥራ ላይ አውሏል፤ ያልተገራው አጻጻፉ ነው።